የቅዳሜን የጢያ ጉዞ በሆቴሎች በኩል መሸጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ያለን አንድ ሃይሩፍ ሚኒባስ፣ አንድ ሾፌር (እሱም ሸሪኬ ነው) እና በቀን የምንቀጥረው አስጎብኚ ነው። እስካሁን የምንኖረው ከውጭ በሚላኩልን ረጃጅም ጉዞዎች ነበር። አሁን ግን እዚሁ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ያረፈውን፣ ቅዳሜው ባዶ የሆነበትን እንግዳ እንፈልጋለን። እሱን ደግሞ ከሆቴሉ ሪሴፕሽን በፊት ማንም አያገኘውም። ስለዚህ ለሆቴሎች የትብብር ጥያቄ ልናቀርብ ነው፤ ይህ ማስታወሻ ጥያቄው ከረቂቅ እስከ መጀመሪያው ጉዞ እንዴት እንደተሠራ የምይዝበት ነው።

መጀመሪያ የወሰንነው አንድ መስመር ብቻ ይዘን እንድንሄድ ነው። ሸሪኬ ደብረ ሊባኖስንም፣ ወንጪንም፣ ቢሾፍቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ማሰለፍ ፈልጎ ነበር። ሪሴፕሽን ላይ የቆመች ልጅ ግን ብዙ መስመር አታስታውስም። አንድ ከሆነ ታስታውሳለች። የመረጥነው በቡታጅራ መንገድ ያለውን ነው፦ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም፣ ጢያ።

ምክንያቱም ለመናገር ቀላል ነው። ጢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ደግሞ በ2024 ተመዘገቡ። በመካከላቸው ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። «በአንድ ቀን ሁለት የዓለም ቅርስ እና አንድ የአለት ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ክፍልህ ትገባለህ» ማለት ይበቃል። ስልክ እየጮኸባት እንኳ ልትለው ትችላለች።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ዛሬ ሒሳቡን ሠራን። ሒሳቡ ሳይያዝ ኮሚሽን ላይ መደራደር አይቻልም።

ዋጋውን በዶላር እናስላ፤ እንግዳው በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ በብር ይከፍላል። ለአንድ ቅዳሜ መኪናው፣ ነዳጁና ሾፌሩ 110 ዶላር ይወስዳሉ፤ አስጎብኚው 35። ይህ 145 ሰው ቢኖርም ባይኖርም የሚወጣ ነው። በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ እንግዳ የሦስቱ ቦታዎች መግቢያ፣ ምሳና ውሃ 25 ዶላር ያህል ይጨመራል።

ለአንድ ሰው 80 ዶላር ብንጠይቅና ለሆቴሉ 10 በመቶ ብንሰጥ ምን እንደሚሆን እነሆ። ሦስት ሰው ሲሆን ገቢው 240 ነው፤ ወጪው 220፣ ኮሚሽኑ 24፤ አራት ዶላር እንከስራለን። አራት ሰው ሲሆን 320 ገብቶ 245 ወጪና 32 ኮሚሽን ይቀነሳል፤ 43 ይተርፋል። በአምስት ሰው 90። ሁለት ሰው ከሆነማ ገና ከግቢ ሳንወጣ ከስረናል።

ከዚህ ሒሳብ የወጣው ነገር የጥያቄያችንን ቅርጽ ቀየረው። አንድ ሆቴል በአንድ ቅዳሜ አራት ሰው አይሰጠንም፤ አንድ ወይም ሁለት ይሰጠናል። ስለዚህ ሥራው የሚያዋጣው ከተለያዩ ሆቴሎች የመጡ ብቸኛ እንግዶች በአንድ መኪና ሲሰበሰቡ ብቻ ነው። ከአንድ ሆቴል ጋር የብቻ ስምምነት መፈራረም እኛን አይጠቅመንም። ይህን ደግሞ ሆቴሎቹ ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለባቸው፤ ኋላ ሚኒባሱ ውስጥ የጎረቤት ሆቴል እንግዳ አይተው ከሚደነግጡ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ቦሌ አካባቢ መካከለኛ ሆቴሎችን ዞርኩ። ከሥራ አስኪያጅ ጋር ቀጠሮ አልያዝኩም፤ ሪሴፕሽን ላይ ቆሜ ከሠራተኞቹ ጋር ነበር የማወራው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ቼክ አውት ያልቃል፣ የማታ በረራ እንግዶች ገና አልመጡም።

አንዷ በግልጽ ነገረችኝ። «ወንድሜ፣ ወረቀትህን እዚህ ብታስቀምጥ ማንም አይከለክልህም። እንግዳ ሲጠይቀኝ ግን የምደውለው ለማውቀው ሾፌር ነው። ቢጠፋብኝ የት እንደማገኘው አውቃለሁ።»

ማንን ነው የምትደውይለት ስላት፣ የግል መኪና ያለው ሰው ነው። እንግዳውን ያደርሳል፣ ለእሷም በእጇ ይሰጣታል። ከእሱ ጋር በገንዘብ ከተፎካከርን እንሸነፋለን፤ እሱ አስጎብኚ አይከፍልም፣ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ግብር አይከፍልም። የሚሸነፍበት ቦታ ሌላ ነው። ኮድ 2 የግል መኪና ለኪራይ ሰው ሲጭን ኢንሹራንሱ ለዚያ አልተገባም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ እንግዳው «ማን አገናኘህ?» ሲባል የሚጠራው የሆቴሉን ስም ነው። ይህ ሪሴፕሽኒስቷን ብዙም አያሳስባትም፤ ሥራ አስኪያጁን ግን እንቅልፍ ይነሳዋል። ስለዚህ ለሁለቱ የምንናገረው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ሌላም ነገር ታዘብኩ። ቆጣሪው ላይ ኪውአር ኮድ ያለባቸው የሌሎች ድርጅቶች ካርዶች ተደርድረዋል፣ አቧራ ጠጥተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንግዳው ኮዱን ስካን አድርጎ በቀጥታ ድርጅቱ ጋ ሲገባ የላከችው ልጅ መላኳን የሚያሳይ ነገር የለም። ምስጋናውም ኮሚሽኑም ይቀርባታል። እንዲህ ያለ ካርድ እሷ ከቆጣሪው በታች ነው የምታስቀምጠው። እኛ ኪውአር ኮድ አናደርግም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

የገንዘቡ መንገድ። ሦስት አማራጭ ነበረን።

እንግዳው በክፍሉ ሒሳብ ላይ አስጽፎ ሲወጣ ለሆቴሉ ቢከፍል ለእንግዳው በጣም ይመቻል። ሆቴሉ ግን ለእኛ የሚከፍለው በወሩ መጨረሻ ወይም ከዚያም አልፎ ነው፤ እኛ ደግሞ የቅዳሜውን ነዳጅ ቅዳሜ ጠዋት እንከፍላለን። አንድ መኪና ላለው ድርጅት ይህ አይሆንም።

እንግዳው ሙሉውን ለእኛ ከፍሎ በወሩ መጨረሻ ኮሚሽን ብናደርስ ደግሞ ሆቴሉ እኛን ማመን አለበት፤ ገና አያውቀንም። ይህ መንገድ ብዙ ስምምነት የሚፈርስበት ነው። «ባለፈው ወር ስንት ሰው ላክን?» ተብሎ የሁለቱ ወገን ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር ቀስ ብሎ ይሞታል።

የመረጥነው ሦስተኛውን ነው፦ ሆቴሉ ከእንግዳው 10 በመቶውን፣ ማለትም 8 ዶላር የሚያክለውን ብር፣ ቦታ መያዣ አድርጎ ይቀበላል፤ ያ ቀብድ ራሱ ኮሚሽኑ ነው። ቀሪውን 72 እንግዳው መኪናው ላይ ለእኛ ይከፍላል። በወሩ መጨረሻ የሚፈላለግ ሰው የለም። እንግዳውም ቀብድ ስለከፈለ ጠዋት ሳይነቃ የመቅረቱ ነገር ይቀንሳል።

ለዚህ ሦስት ቅጂ ያለው ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ቫውቸር እናሳትማለን፦ አንዱ ለእንግዳው፣ አንዱ በሆቴሉ ጥራዝ ውስጥ የሚቀር፣ አንዱ ለሾፌሩ። የጻፈችው ሠራተኛ ስምና ፈረቃ የሚሞላበት መስመር አለው። የደረሰኙን ነገር ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋር ተነጋገርን፤ ለእንግዳው የሙሉውን ዋጋ ደረሰኝ የምንቆርጠው እኛ ነን፣ ሆቴሉ ደግሞ ለወሰደው ኮሚሽን ለእኛ ደረሰኝ ይሰጠናል። ያለዚያ ኮሚሽኑን ወጪ ብለን ማስያዝ አንችልም። ይህን በደብዳቤው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ፤ ኋላ የሚመጣ ጥያቄ ጠብ ይመስላል።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ደብዳቤው። ሸሪኬ ያዘጋጀው ረቂቅ በሉሲ ጀምሮ በአሥራ ሦስት ወር ጸጋ የሚያልቅ ነበር። የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ይህን አያነብም፤ እንደዚህ ያለ በየሳምንቱ ይመጣለታል። እሱ የሚያስበው ስለ ክፍል ነው። ስለዚህ ከክፍል ጀመርኩ።

የብዙ ስብሰባ ማብቂያ ዓርብ ከሰዓት ነው። እንግዳው ዓርብ ማታ ይበርራል ወይም አንድ ሌሊት ይጨምራል። ቅዳሜ የሚያደርገው ነገር ካለው ይጨምራል። ሌላም አለ፦ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው የሚነሱት ከምሽቱ ወደ ማታ ገፋ ሲል ነው። ከጉዞ 11 ሰዓት አካባቢ አቧራ ለብሶ የተመለሰ ሰው ወደ አየር ማረፊያ ከመሄዱ በፊት መታጠብ ይፈልጋል፤ ለዚያ ዘግይቶ መውጫ ይከፍላል። ለሆቴሉ የእኛ 8 ዶላር ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ታዲያ በ8 ዶላሩ ለምን እንጀምራለን?

ያለቀው ደብዳቤ ይህ ነው፦

«ለክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ዓርብ ስብሰባቸውን የሚጨርሱ እንግዶችዎ ቅዳሜን በሆቴልዎ እንዲያሳልፉ የሚያደርግ የአንድ ቀን ጉዞ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት እናስነሳለን። መኪናው ከሆቴልዎ በር ያነሳቸዋል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ እዚያው ይመልሳቸዋል። ማታ የሚበርሩት ዘግይቶ መውጫ ወይም የግማሽ ቀን ክፍል ያስፈልጋቸዋል፤ ሲመዘገቡ ሠራተኞችዎ እንዲጠይቋቸው በቫውቸሩ ላይ ቦታ አበጅተናል።

ጉዞው መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምንና የጢያን ትክል ድንጋዮች ያዳርሳል። ዋጋው ለአንድ ሰው 80 ዶላር ሲሆን መግቢያ፣ ምሳ፣ ውሃና አስጎብኚ በውስጡ ናቸው። ከዚህ ላይ 10 በመቶው የሆቴልዎ ነው፤ እንግዳው ሲመዘገብ በቀጥታ ይቀበሉታል።

መኪናው የንግድ ሰሌዳ ያለውና ለተሳፋሪ ኢንሹራንስ የተገባለት ነው። የንግድ ፈቃዳችን፣ የብቃት ማረጋገጫችንና የኢንሹራንስ ውላችን ቅጂ ተያይዟል። ከሌሎች ሆቴሎች የሚመጡ እንግዶችም አብረው ይጓዛሉ።

ምዝገባ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጉዞው መኖር አለመኖሩን በዚያው ዕለት 12 ሰዓት ላይ እናሳውቃለን። በመንገድ ደኅንነት ወይም በሰው ማነስ ጉዞው ከቀረ እንግዳው የከፈለው ሁሉ ይመለስለታል፤ ቀብዱን ሆቴሉ ይመልሳል፣ ለሠራተኞችዎ ድካም ግን እኛ ተጠያቂ ነንና እንግዳውን ራሳችን ደውለን እናነጋግራለን።»

ከአንድ ገጽ አላለፈም። የጢያ 36 ድንጋዮች፣ አብዛኞቹ እንደ ሰይፍ ያለ ምስል የተቀረጸባቸው፣ ከደብዳቤው ውጭ ሆነው ለሪሴፕሽን በተዘጋጀው ካርድ ላይ ገቡ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሁለት ቀጠሮ። የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ስም ያለው ትልቅ ሆቴል ነው። በጨዋነት ተቀበሉን፤ ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ግዢ ክፍል ይሄዳል፣ አቅራቢ ሆነን መመዝገብ አለብን፣ ክፍያውም በእነሱ በኩል በዱቤ ይሆናል። ለኛ አቅም አይሆንም። ተውነው።

ሁለተኛው መካከለኛ ሆቴል ነው፤ የፍሮንት ኦፊስ ኃላፊዋ ደብዳቤውን እፊታችን አነበበችው። በምሽት በረራው መስመር ላይ ብዕሯን አሳርፋ ቆየች። ከዚያ፣ «20 በመቶ ብታደርጉልን» አለች።

ሒሳቡ እጄ ላይ ነበር። በ20 በመቶ አራት ሰው ጭነን የሚተርፈን 11 ዶላር ነው፤ ጎማ ቢተነፍስ ያልቃል። ይህንኑ ቁጥር አሳየኋት። «ብንቀበልዎት የምንቀንሰው ከምሳውና ከአስጎብኚው ነው፤ ቅሬታው ወደ እርስዎ ይመጣል» አልኳት። ሳቀች። በ10 ቆየን፤ በምትኩ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ ከ8 ዶላሩ 3ቱ ለፈረቃው ሠራተኞች እንዲሆን በስምምነቱ ላይ እንዲጻፍ። ይህን እኛ ልንጠይቃት አስበን የፈራነው ነበር፤ በድብቅ ከሚሰጥ ጉርሻ ይልቅ በወረቀት ላይ መዋሉ ሁሉንም ያቀላል። ሁለተኛ፣ ሁለት ሠራተኞቿ ጉዞውን አንድ ጊዜ በነጻ እንዲሄዱ። ያላየችውን ቦታ ማን ይሸጣል? ወዲያው እሺ አልን።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ከቅዳሜው ጉብኝት በኋላ፤ ከተስማሙት ሆቴሎች የመጡ ሪሴፕሽኒስቶችን ነበር የያዝነው። ለመንገዱ መማሪያም ሆነን።

ጊዜው እንዲህ ነው የሚሄደው። ከቦሌና ከካዛንቺስ ሰው ሰብስቦ 1:30 ላይ መውጣት ካልተቻለ ዓለም ገና ላይ የመኪና መጨናነቅ ይውጠናል። ስለዚህ ለጊዜው ከእነዚህ ሁለት ሰፈሮች ውጭ ካለ ሆቴል ጋር አንፈራረምም፤ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ማንሳት የሌሎቹን ጠዋት ያቃጥላል። መልካ ቁንጡሬ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙዚየሙ በጎጆ መልክ የተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው፣ የባልጩት መሣሪያዎቹን ያየ እንግዳ ብዙ ይጠይቃል። አዳዲ ማርያም ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር መንገድ ነው፤ ዝናብ ካለፈ ጭቃው ሰዓት ይበላል። ከዚያ ጢያ፣ ምሳ፣ መመለስ።

ልጆቹ ሲመለሱ የጠየቁት ከድንጋዩ ይልቅ ስለ መጸዳጃ ቤት ነበር፤ የት የት እንዳለ በካርዱ ላይ እንድንጽፍ። ጫማ እንደሚወልቅም፣ ነጠላ ወይም ሻሽ እንደሚያስፈልግም። እንግዳ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነው። ጻፍነው።

አንዷ ደግሞ በቫውቸሩ ላይ ጣቷን አስቀመጠች፦ «መነሻ 1:00» ይላል። ፈረንጁ ይህን ሲያይ ከምሳ በኋላ ይመስለዋል። አሁን 1:00 ከሚለው ጎን 7:00 በፈረንጆቹ ብሎ በትልቁ ታትሟል፣ መመለሻውም እንደዚያው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው መደበኛ ጉዞ። ዓርብ 11 ሰዓት ሲዘጋ ሦስት ሰው ነበር፤ በሒሳባችን አራት ዶላር የሚያከስር። ለመጀመሪያ ጊዜ «አይሄድም» ብሎ መላክ ከአራት ዶላር በላይ ያስከፍላል ብለን «ይሄዳል» ብለን በየሆቴሉ የቴሌግራም ቡድን ላክን። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ሆቴል አራተኛ ሰው ይዞ ደወለ። መዝጊያው አልፏል። ወሰድነው፤ ግን ምሳ ለማዘዝ ስለሚዘገይ ከዚህ በኋላ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚመጣው ወንበር ካለ ብቻ እንደሆነ ለሁሉም ጻፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ ከመውጣቱ በፊት መንገዱን መልካ ቁንጡሬና ጢያ ካሉት አስጎብኚዎች ጠየቀ። ይህ በየሳምንቱ ሳይዘለል የሚደረግ ነው፤ ለሆቴሎቹም «ጠዋት ተጠይቋል» ብለን እንልካለን።

ከአራቱ ሁለቱ ማታ የሚበርሩ ነበሩ። አንዱ ዘግይቶ መውጫ በቫውቸሩ ተሞልቶለት ነበር። ሌላው አልተሞላለትም፤ ሻንጣውን ሎቢ አስቀምጦ ወጥቶ ሲመለስ የሚታጠብበት አጥቶ ቅር አለው። ቅሬታው የተጻፈው ለሆቴሉ ቢሆንም መነሻው የእኛ ጉዞ ነው። የዚያ ሆቴል የፍሮንት ኦፊስ ኃላፊ በደወለ ጊዜ የሰጠሁት መፍትሔ፦ ያ መስመር ባዶ ከሆነ ሾፌሩ ጠዋት እንግዳውን ሲያነሳ ቫውቸሩን አይቶ ሪሴፕሽኑን እዚያው ይጠይቃል። ለልጆቹም ጥያቄውን በአንድ አባባል አሳጠርነው፦ «በረራዎ መቼ ነው?»

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ለጾሙ እየተዘጋጀን ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ምሳ የምንበላበት ቤት ከዚያ ጀምሮ የጾም ብቻ ይሠራል። ለብዙ እንግዳ በየዓይነቱ ችግር የለውም፤ ሥጋ የሚጠብቅ ካለ ግን ከመነሻው ይወቅ። በቫውቸሩ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ።

ኅዳር 21 ዘንድሮ እሑድ ዋለ፤ የጽዮን ማርያም በዓል ነው። አንድ ሆቴል ለዚያ ቀን የግል ጉዞ ጠይቆናል። አዳዲ ማርያም ላይ ሕዝብ ይበዛል፤ ከቅዳሴ በፊት ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት አለበት፣ ውስጡን ተረጋግቶ ማየት አይቻልም፤ ክብረ በዓሉን ማየት የሚፈልግ ግን ሌላ ቀን አያገኘውም። ይህንኑ ጽፌ ላክኩ፣ የግሉንም ዋጋ ከነምክንያቱ፦ መኪናውና አስጎብኚው ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ ስለሚወድቁ ለአንድ ሰው 210 ዶላር፣ ሁለት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 125። ኮሚሽኑ 10 በመቶ ነው፣ በተመሳሳይ መንገድ።

ቀጣዩ ሥራ ለእንግዳ ማረፊያ ቤቶች የሚሆን አጭር ደብዳቤ ነው። እዚያ ሥራ አስኪያጁም፣ ሪሴፕሽኑም፣ ገንዘብ ተቀባዩም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ስለሆነ የፈረቃው 3 ዶላር ከስምምነቱ ይወጣል። እንግዶቻቸውም ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩ ናቸውና የዘግይቶ መውጫው ክርክር ለእነሱ አይሠራም። ለነሱ ከቅዳሜ ይልቅ የሥራ ቀን ሊሻል ይችላል፤ ረቡዕ ልንሞክር ነው።